የሱቅ ዕቃ በማኅበራዊ ሚዲያ በኮሚሽን ለመሸጥ የሚጻፍ አጭር ደብዳቤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባሉ ሱቆች ይህን ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ምሳሌው በሙሉ የአንድ ቆዳ ቦርሳ መሸጫ ነው።

በቃል ብነግራቸው አይበቃም? ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?

በቃል መነጋገሩ አይቀርም። ግን ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ስታስረዱ ምን እንደሚሆን አስቡት። ገዢ ይገባል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ዕቃ ያመጣ ተሸካሚ በር ላይ ቆሞ ይጣራል። ባለሱቁ የሰማው ግማሹን ነው። ማታ ቤት ሲገባ ለሚስቱ "አንድ ልጅ መጥቶ በቲክቶክ ልሽጥልህ አለኝ" ይላል። "ስንት ልትከፍለው ነው?" ስትለው መልስ የለውም። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ሰው ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ሻጭ ናት። እሷ የመወሰን ሥልጣን የላትም፤ የነገራችኋትን ስታደርስም የራሷን ቀንሳና ጨምራ ነው። ወረቀቱን ከሰጣችኋት ግን ያላችሁት ሳይዛባ ባለቤቱ እጅ ይገባል።

ምን ያህል ይርዘም? ምን ምን ይኑርበት?

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ግማሽ ገጽ ቢሆን ይመረጣል። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ዕቃ ለስንት ቀን መሸጥ እንደምትፈልጉ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ለእናንተ ስንት እንደሚከፈል፣ መልሱን መቼ መጥታችሁ እንደምትጠይቁ ከተጻፈ ሌላ አያስፈልገውም።

እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞልቼ ነበር። ግማሹ ማኅበራዊ ሚዲያ ለንግድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው። በሳምንቱ መልስ ልጠይቅ ስመለስ ወረቀቴ ከካልኩሌተሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጀርባው ላይ ባለሱቁ የጫማ ሂሳብ ደምሮበታል። "ረጅም ሆነብኝ እኮ፣ አላነበብኩትም" አለኝ። ቅር አላለኝም፤ እውነቱን ነው። ባለሱቅ ስለ ቲክቶክ ጥቅም ትምህርት አልጠየቀም። ማወቅ የሚፈልገው ከሱቁ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚገባ ነው።

በእጅ ይጻፍ ወይስ በኮምፒውተር ለሚለው፣ ጽሑፋችሁ የሚነበብ ከሆነ በእጅ ቢሆን ምንም አይደለም። ስልክ ቁጥራችሁን ግን ጎላ አድርጋችሁ ጻፉት።

አንድ ናሙና ማየት እችላለሁ?

ይኸው። ቦታዎቹን በራሳችሁ ሙሉ፤ ቁጥሮቹም የእናንተው እውነተኛ ቁጥሮች ይሁኑ።

> ቀን፦ ………… 2018 ዓ.ም.
>
> ለወ/ሮ …………
> የቆዳ ቦርሳ መሸጫ ባለቤት
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ቦርሳዎችዎን በቴሌግራምና በቲክቶክ በኮሚሽን እንድሸጥ ስለመጠየቅ
>
> ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ………… ይባላል፤ ነዋሪነቴ ልደታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሱቅዎ ቡናማውን የትከሻ ቦርሳ የገዛሁት እኔ ነኝ።
>
> በቴሌግራም 900 ተከታይ ያለው የመሸጫ ቻናል አለኝ። ባለፉት ሁለት ወራት 23 ሻርፖች ሸጬበታለሁ። አሁን ከሱቅዎ 10 ዓይነት ቦርሳ መርጠን ለ30 ቀን እንድሸጥልዎ እጠይቃለሁ።
>
> ዕቃው ሳይሸጥ ከሱቅዎ አይወጣም። ፎቶና ቪዲዮ አንስቼ የምለጥፈው፣ ገዢ ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ ነኝ። ዋጋውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በቀጥታ ለእርስዎ ነው፤ ደረሰኝም ከእርስዎ ይቀበላል። ማድረሻውን የሚችለው ገዢው ነው።
>
> በእኔ በኩል ለተሸጠ ለእያንዳንዱ ቦርሳ ቫት ሳይጨመር ካለው የመሸጫ ዋጋ 10 በመቶ ይከፍሉኛል። ለምሳሌ ቦርሳው ያለ ቫት 3,000 ብር ከሆነ የእኔ ድርሻ 300 ብር ነው። ካልተሸጠ ምንም አይከፍሉም። በየሳምንቱ ሰኞ እንተሳሰባለን።
>
> ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መጥቼ መልስዎን እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም ………… ፊርማ ………… ስልክ …………
>
> በዚህ ተስማምቻለሁ፦ ስም ………… ፊርማ ………… ቀን …………

"ቡናማውን ቦርሳ የገዛሁት እኔ ነኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር አትናቁት። የማይታወቅ ሰው ደብዳቤ ከሆነ አንዴ ከገዛ ደንበኛ ደብዳቤ ጋር እኩል አይታይም። መግዛት ባትችሉ እንኳ ሱቁን በደንብ እንዳያችሁት የሚያሳይ አንድ ነገር ጻፉ። "መስኮቱ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ዚፑን ቦርሳ ሦስት ጓደኞቼ ዋጋውን ጠይቀውኛል" ብትሉ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ከብዙ ምስጋና ይበልጣል።

ተከታዮቼ ጥቂት ናቸው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

እውነተኛውን ቁጥር ጻፉ። ደብዳቤው ውስጥ ክብደት ያለው የተከታይ ብዛት ሳይሆን የሸጣችሁት ዕቃ ብዛት ነው። 900 ተከታይ ኖሮት 23 ሻርፕ የሸጠ ሰው፣ 15,000 ተከታይ ኖሮት ምንም ካልሸጠ ሰው የተሻለ የሚያሳየው አለው። ምንም ሸጣችሁ የማታውቁ ከሆነም "ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ በአምስት ቦርሳ ብቻ ልጀምር" ማለት ይቻላል። ባለሱቁ የሚያጣው ነገር ባነሰ ቁጥር እሺ ማለት ይቀልለዋል።

ቁጥር አጋንኖ መጻፍ ወዲያው ይታወቃል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ይጻፋል። 10,000 ተከታይ አለኝ ብላችሁ የልጥፉ ዕይታ 60 ከሆነ፣ ተከታዩ በገንዘብ የተገዛ መሆኑን የባለሱቁ የአሥረኛ ክፍል ልጅ እንኳ ለአባቷ ትነግረዋለች።

ደብዳቤውን መቼና እንዴት ልስጥ?

በማክሰኞና በሐሙስ መካከል፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት። ሱቁ ገና ሲከፈት አትሂዱ። ብዙ ባለሱቅ የመጀመሪያውን ዕቃ ሳይሸጥ ስለሚከፍለው ገንዘብ መስማት ደስ አይለውም። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማም አይሆንም።

በሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን በፖስታ አድርጋችሁ ስጡ፣ ሁለተኛው እናንተ ጋ ይቆይ። ለባለቤቱ ስትሰጡ ንግግራችሁ አጭር ይሁን፦ "እትዬ፣ ሥራ ላይ ነዎት፣ አላስቸግርዎትም። ሲመችዎ ያንብቡልኝ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ።" ከዚያ ውጡ። ደብዳቤው እያለ እዚያው ቆማችሁ ሁሉን በቃል ከዘረገፋችሁት የሚያነበው ሰው አይኖርም።

ስንት በመቶ ልጠይቅ?

መጀመሪያ መቶኛው የሚሰላው ከምን ላይ እንደሆነ ይለይ። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ሱቁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ያለው ዋጋ በሱቁ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት የተጨመረበት ነው፤ ቫቱ ባለሱቁ ለመንግሥት ገቢ የሚያደርገው እንጂ የእሱ ገንዘብ አይደለም። 3,450 ብር የሚሸጥ ቦርሳ ውስጥ 3,000ው የሱቁ ዋጋ ነው፣ 450ው ቫት። "10 በመቶ" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ እናንተ 345 ብር ትጠብቃላችሁ፣ እሱ 300 ይሰጣችኋል። በአንድ ቦርሳ 45 ብር ነው። በሃያ ቦርሳ 900 ብር ይሆንና "ሊበሉኝ ነው" ወደሚል ሐሳብ ያደርሳል። ለዚህ ነው ናሙናው ላይ "ቫት ሳይጨመር" የሚለው ቃልና በብር የተሰላው ምሳሌ አብረው የተቀመጡት።

አሁን በባለሱቁ ወንበር ተቀመጡ። ቦርሳው ያለ ቫት 2,300 ብር ፈጅቶበታል እንበል። 3,000 ሲሸጠው 700 ብር ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ የሱቅ ኪራይና የሻጯ ደሞዝ አለ። 10 በመቶ ስትጠይቁ 300 ለእናንተ፣ 400 ለእሱ። ይህን ይቀበላል፤ ያለ እናንተ የማይመጣ ገዢ ነውና። 20 በመቶ ስትሉ 600 ለእናንተ ሆኖ ለእሱ የሚቀረው 100 ብር ነው። እምቢ ቢል አይፈረድበትም። የመግዣውን ዋጋ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ዝቅ ካለው ቁጥር መጀመር ይሻላል። ትርፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ ራሱ በሚያሠራው ቦርሳ ላይ፣ ቆይቶ 12 ወይም 15 ማለት ይቻላል። የታሸገ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ግን ትርፉ ጠባብ ነው፤ 10 በመቶውም ላይወጣ ይችላል።

ገዢ "የመጨረሻ ስንት ነው?" ማለቱ አይቀርም። የዝቅተኛውን ዋጋ ወሰን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ3,220 ከተሸጠ ያለ ቫት 2,800 ነው፤ ድርሻችሁ 280 ይሆናል። ኮሚሽኑ የሚሰላው በመጨረሻ ከተሸጠበት ዋጋ ነው።

ዋጋው ላይ ጨምሬ ብሸጥና ልዩነቱን ብወስድ አይሻልም?

ብዙ ቻናሎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ሱቁ 3,450 ይላል፣ ቻናሉ 3,900 ብሎ ይለጥፋል። ለሩቅ ገዢ ያስኬዳል። መሀል ከተማ ላለ ሱቅ ግን አልመክርም። ገዢዋ የምትሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው እንበል። ከሥራ ስትወጣ በእግሯ ሜክሲኮ ትደርሳለች። ያንኑ ቦርሳ መስኮት ላይ በ3,450 ስታየው የተታለለች ይመስላታል። ስሙ የሚጠፋው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁም "ኦንላይን ያስወድዳሉ" ይባላል።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ "ዋጋውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት" የሚለው መስመር ይቆይ። ዋጋውንም ልጥፉ ላይ በግልጽ ጻፉት። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለው ነገር ገዢ ያሰለቻል።

ገንዘቡን እኔ ተቀብዬ ኮሚሽኔን ቀንሼ ብሰጥ አይቀልም?

መጀመሪያ ላይ ይቀላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይከብዳል። እኔ አንዴ በራሴ አካውንት እየተቀበልኩ ሠርቻለሁ። የቦርሳው ገንዘብ ከቤት ኪራዬና ከታክሲዬ ጋር ተቀላቀለ። ሲቆጠር 1,150 ብር ጎደለ። የማንን ቦርሳ ብር እንዳጠፋሁ እስከዛሬ አላውቅም። ከኪሴ ሞልቼ ከፈልኩ፤ ባለሱቋ ግን ከዚያ በኋላ ፊቷ እንደድሮው አልሆነም።

ገዢው በሱቁ የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር በቀጥታ ይክፈል። ባለሱቁ ደብዳቤውን ሲያነብ የሚያሰጋው "ገንዘቤን ይዞ ቢጠፋስ?" የሚለው ነው፤ ይህች አንድ መስመር ስጋቱን ታጠፋለች። በእናንተ በኩል የሚቀረው "ኮሚሽኔን ቢክደኝስ?" ነው። በየሳምንቱ መተሳሰብ የሚባለው ለዚህ ነው። ቢበዛ የምታጡት የሁለት ሳምንት ድርሻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ገዢ የከፈለበትን ስክሪንሾት ሲልክላችሁ በዚያ ብቻ ዕቃ እንዳይወጣ። ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀናበራል። ባለሱቋ ገንዘቡ መግባቱን በራሷ ስልክ ላይ አይታ "ገብቷል" ስትል ብቻ ሞተረኛው ይነሳ።

የለጠፍኩት ቦርሳ ሱቅ ውስጥ ቢሸጥስ?

ይህ በየሳምንቱ ያጋጥማል፤ በተለይ ከአንድ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ብቻ ሲኖር። ገዢ ብር ሊልክ ሲል "ይቅርታ፣ አልቋል" ማለት ሁለተኛ እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ደብዳቤው ላይ 10 ዓይነት ብቻ የተባለው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው። አሥሩን መከታተል ይቻላል፣ ሰማንያውን አይቻልም።

ለእያንዳንዱ ቦርሳ ቁጥር ስጡት፦ ሜ1፣ ሜ2 እያላችሁ። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው ውስጥ አስገቡ። በየቀኑ ጠዋት ለሻጯ "የትኛው ወጣ?" ብላችሁ በቴሌግራም ጠይቁ። እሷም "ሜ4 የለም" ብላ ትመልሳለች። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅባትም። ገዢ እርግጠኛ ሲሆን ደግሞ ደውላችሁ ለሁለት ሰዓት አስይዙ። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሸጥ፤ ባለሱቁን ቀኑን ሙሉ አታስጠብቁ።

ገዢው ልጥፌን አይቶ በቀጥታ ሱቅ ቢሄድ ኮሚሽን ይገባኛል?

በዚህ ነጥብ ብዙ ሽርክና ፈርሷል። ልጥፉን ያየ ሰው አድራሻውን ጠይቆ ራሱ ሄዶ ይገዛል፤ ቦርሳን ደግሞ ዳስሶ፣ ዚፑን ከፍቶ ዘግቶ መግዛት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ባለሱቁ "ይሄማ በእግሩ የመጣ ነው" ይላል። እናንተ "በእኔ ነው የመጣው" ትላላችሁ። ሁለታችሁም እየዋሻችሁ አይደለም።

መፍትሔው ያቺው ቁጥር ናት። ልጥፉ ላይ "ሱቅ ስትሄዱ ሜ4ን አሳዩኝ በሉ" ብላችሁ ጻፉ። በዚያ ስም የጠየቀ ሰው በእናንተ በኩል የመጣ ነው። ሻጯ ደብተር ላይ ትመዘግበዋለች፦ ቀን፣ ቁጥር፣ ዋጋ። ቁጥሩን ያልጠቀሰ ገዢ የሱቁ ገዢ ነው፤ ልጥፋችሁን እንዳየ እርግጠኛ ብትሆኑ እንኳ አትከራከሩ። እዚህ ላይ ጥቂት ኮሚሽን ይቀርባችኋል። እኔ የማየው እንደ ሥራው ወጪ ነው። ባለሱቁን በእያንዳንዱ ገዢ ላይ ከመረመራችሁት ሁለተኛ ወር አይኖርም።

ይህን ሁሉ ደብዳቤው ላይ አትጻፉት። ግማሽ ገጹ ይበላሻል። ሐሙስ መልስ ልትቀበሉ ስትሄዱ በቃል አንሱት፤ ከተስማማችሁ ከፊርማው በላይ አንድ መስመር በእጅ ይጨመር፦ "የሜ ቁጥር ጠቅሶ የገዛ ሰው በእኔ በኩል እንደመጣ ይቆጠራል።"

ሻጯን አትርሷት። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት። አንዳንዴ ከኮሚሽናችሁ ትንሽ ብታካፍሏት ተገቢ ነው፤ ግን ባለቤቱ እያወቀ ይሁን። በስውር ከሆነ ጉቦ ይመስላል።

ዕቃው ቢመለስ የወሰድኩትን ኮሚሽን እመልሳለሁ?

ገንዘቡ ለገዢው ከተመለሰ፣ አዎ። ሽያጩ ፈርሷል። በሌላ ቦርሳ ከተቀየረ ግን ድርሻችሁ ይቆያል፤ የዋጋ ልዩነት ካለ በልዩነቱ ይስተካከላል። ይህ ቀላል የሚሆነው ሰኞ የምትተሳሰቡት ያለፈውን ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን ከሆነ ነው። ማለትም የተሸጠው ሰባት ቀን ሳይሞላው ኮሚሽን አይከፈል። መመለስ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል።

መመለስ የሚበዛው በፎቶ ምክንያት ነው። የሱቅ መብራት ቢጫ ስለሚሆን ጥቁር ቡናማው ቀላ ብሎ ይወጣል። ቦርሳውን በር ላይ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን አንሱት። መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ትከሻ ላይ አንጠልጥሉት፤ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር ጻፉ። ጭረት ካለው ጭረቱን አንሱት። ይህን ካደረጋችሁ "ፎቶው ላይ ትልቅ ይመስል ነበር" የሚል ገዢ እጅግ ይቀንሳል።

ንግድ ፈቃድና ግብርስ?

ለገዢው ደረሰኝ የሚቆርጠው ሱቁ ነው፤ ሻጩ እሱ ነውና። ለእናንተ የሚከፈለው ኮሚሽን ግን የእናንተ ገቢ ነው፤ ግብርም ይመለከተዋል። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ሥራን ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የ30 ቀኑ ሙከራ ሠርቶ ሥራው መደበኛ ሊሆን ነው ካላችሁ፣ ወደ ወረዳችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለኮሚሽን ሥራ የትኛው የፈቃድ ዘርፍ እንደሚሆን ጠይቁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አውጡ።

ይህን ባለሱቁ ራሱ ሊያነሳው ይችላል። የከፈላችሁን ኮሚሽን በሂሳብ መዝገቡ ላይ ወጪ አድርጎ ለመያዝ ከእናንተ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። "ደረሰኝ አለህ?" ካለ የሚያደርገው ነገር ትክክል ነው። ከሌላችሁ እንደሌላችሁ ንገሩት።

በቴሌግራም "እሺ ጀምር" ብሎኛል፤ ፊርማ የግድ ነው?

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጠዋል። ስለዚህ "እሺ ጀምር" ባዶ ቃል አይደለም። ችግሩ "እሺ" የተባለው ለየትኛው ነገር እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ አንስታችሁ በዚያው መስመር ላኩለትና "በዚህ ደብዳቤ መሠረት ነው አይደል?" ብላችሁ ጠይቁ። "አዎ" ካለ በቂ ነው፤ መልእክቱን አታጥፉት።

ፊርማውን የምመርጠው ፍርድ ቤት ለመሄድ አስቤ አይደለም። ለ300 ብር ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም። ሰው ሊፈርም ብዕር ሲያነሳ ወረቀቱን እንደገና ያነባል። ያልገባውን የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው።

ባለሱቁ "ዕቃውን ውሰድና ሽጠህ ገንዘቡን አምጣ" ካለኝስ?

ደስ የሚል እምነት ነው፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ወር አትቀበሉ። አሥር ቦርሳ በ3,450 ሲሰላ 34,500 ብር ነው። ቤታችሁ ውኃ ቢገባበት፣ ሞተረኛው ቢጥለው፣ አንዱ ቢሰረቅ፣ ዕዳው የእናንተ ነው። ለአንድ የጠፋ ቦርሳ የምትከፍሉትን ለመተካት ከአሥር በላይ ቦርሳ መሸጥ አለባችሁ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነስተው ሌላ ቦታ ሱቅ ከከፈቱት መካከል እንዲህ የሚሉ ባለሱቆች አሉ። አዲሱ ቦታቸውን የድሮ ደንበኛ አያውቀውም፤ ዕቃ ተከምሯል። ለእነሱ ሌላ ነገር ማቅረብ ይቻላል፦ በቻናላችሁ ላይ የአዲሱን ሱቅ አቅጣጫ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ድረስ እየተራመዳችሁ። ዕቃው እዚያው ይቆያል፣ ሰው ወደ ሱቁ ይመጣል።

የግድ ውሰድ ካለ ግን ከሁለት ፍሬ አትለፉ። የወሰዳችሁትን ቁጥሩንና ዋጋውን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ሳይሸጥ ከቆየ የምትመልሱበትን ቀንም አስገቡ። ስትመልሱም ቦርሳውን ከፍታችሁ ውስጡን አሳዩትና ወረቀቱ ላይ "ተመልሷል" አስብላችሁ አስፈርሙ።